ዳታቤዙ ለአፍታ ሲጠፋ ፕሮግራሙ ስንት ሰከንድ ይጠብቅ?

«ሲስተም የለም» ሳይባል የኖረ የባንክ ደንበኛ ማግኘት ይከብዳል። ከመስኮቱ ወዲህ ለቆምነው ሲስተም ማለት ምንነቱ የማይታወቅ አንድ ትልቅ ነገር ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ላሉት ግን የጠፋው ነገር ስም አለው። አንዳንዴ ኔትወርኩ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የሂሳቡ መዝገብ በሙሉ የተቀመጠበት ዳታቤዝ ነው። ቀን ከሆነ ገንዘብ ከፋይዋ «ትንሽ ይጠብቁ» ትላለች፤ ቁጭ ብሎ መጠበቁን ወይም ነገ መመለሱን ደንበኛው ራሱ ይወስናል። ሌሊት ግን በመስኮቱ በሁለቱም በኩል ሰው የለም። ዳታቤዙ ሲጠፋ «ልጠብቅ? ስንት ልጠብቅ? መቼ ተስፋ ልቁረጥ?» የሚለውን የሚመልሰው አንድ ፕሮግራም ነው፤ የሚመልሰውም ከወራት በፊት አንድ ባለሙያ በጻፈለት ሁለት ሦስት ቁጥር ነው። እነዚያ ቁጥሮች እንዴት እንደሚመረጡ ብዙ ሰው በቅጡ ሳያስብበት ያልፋል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከታተለው። አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም አለ እንበል። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የእያንዳንዱን አባል የዕለት ወለድ የሚያሰላ ሥራ ይነሳል። ሥራው ከባድ ስለሆነ አርባ የፕሮግራሙ ቅጂዎች ቅርንጫፎቹን ተከፋፍለው ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ሁሉም የሚያነቡትና የሚጽፉት ግን በአንድ ዳታቤዝ ላይ ነው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው፤ ዋና ማሽንና ተጠባባቂ ማሽን አለው። ዋናው ሲወድቅ ተጠባባቂው ቦታውን ይረከባል። ርክክቡ ግን በቅጽበት አያልቅም። አማዞን ለሚያከራየው ተመሳሳይ አገልግሎት በሚሰጠው መመሪያ፣ ርክክቡ እንደ ወትሮው ከ60 እስከ 120 ሰከንድ እንደሚወስድ ይገልጻል። ስለዚህ ማንም ምንም ሳያጠፋ፣ ሁሉም ነገር በታሰበው መንገድ እየሄደ እንኳን፣ ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ዳታቤዝ የሚባል ነገር አይኖርም።

አርባዎቹ ቅጂዎች በዚያች ደቂቃ ምን ያድርጉ? ወዲያው «አልተሳካም» ብለው ቢሞቱ፣ በራሱ ለሚድን የ90 ሰከንድ ችግር ባለሙያ ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል። ሳይጠብቁ ወዲያው ደግመው ቢሞክሩ ደግሞ የባሰ ይመጣል። ማሽኑ ቆሞ ፕሮግራሙ ብቻ የወደቀ ከሆነ፣ «ግንኙነቱ ተከልክሏል» የሚለው መልስ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ስለሚመለስ፣ አንዱ ቅጂ ብቻውን በሰከንድ መቶዎች ጊዜ ሊያንኳኳ ይችላል። ሎጉ በአንድ ዓይነት መስመር ይሞላል፤ ለመነሳት የሚታገለው ሰርቨርም በአርባ አቅጣጫ ይወጠራል። በየአምስት ሰከንዱ መሞከር የተሻለ ይመስላል፤ ግን አምስት ሰከንድ ለአጭር ብልጭታ ረጅም ነው፤ ለአስር ደቂቃ ብልሽት ደግሞ አጭር ነው።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ዳታቤዙ ሲጠፋ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠፋ አናውቅም። ኤክስፖኔንሻል ባክኦፍ የሚባለው ዘዴ መልሱን ከማያውቅ ሰው እይታ የተነሳ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰከንድ ይጠብቃል፤ ካልተሳካ ሁለት፣ ቀጥሎ አራት፣ ከዚያ ስምንት፣ ቆይታው በየሙከራው እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ብልሽቱ እስካሁን አጭር ከሆነ ቶሎ ልየው፤ እስካሁን ከረዘመ ገና ሊረዝም ይችላልና ልታገሥ። የምንጠብቀው ጊዜ ሁልጊዜ እስካሁን ካለፈው ጊዜ ጋር ይመጣጠናል። ዳታቤዙ ሁለት ሰከንድ ብቻ ጠፍቶ ከተመለሰ በሦስተኛው ሰከንድ እንደርስበታለን፤ ከረዘመ ግን መጨቅጨቁን እንተዋለን።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ኢተርኔትን ሲሠሩ (ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው) ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ሽቦ ይጋሩ ነበር። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲናገሩ መልእክታቸው ይጋጫል፤ ሁለቱም ጥቂት ቆይተው እንደገና ይሞክራሉ። በኋላ በወጣው የኢተርኔት ደንብ፣ የቆይታው ክልል በየግጭቱ እጥፍ ያድጋል፣ ከአስረኛው ግጭት በኋላ ማደጉን ያቆማል፣ በአስራ ስድስተኛው ሙከራ ደግሞ ካርዱ ተስፋ ቆርጦ ስህተት ያስታውቃል። ቆይታው በዕጣ የሚወጣ መሆኑም እዚያው ደንቡ ውስጥ አለ። መነሻ፣ ጣሪያ፣ ማብቂያና ዕጣ፤ ዛሬ የሌሊት ሥራችን የሚያስፈልገው እነዚሁ አራቱ ናቸው።

ብዙዎች ከመነሻው ይጀምራሉ፤ «አንድ ሰከንድ ይሁን፣ አምስት ጊዜ ይሞክር» ይሉና ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። በእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ መወሰን ያለበት ማብቂያው ነው፤ እሱም በሙከራ ብዛት ሳይሆን በጊዜ። አምስት ጊዜ መሞከር በቁጥር ደህና ይመስላል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አስራ ስድስት ሲደመር ግን 31 ሰከንድ ብቻ ነው። ተጠባባቂው ማሽን ሥራውን ለመረከብ አንድ ደቂቃ እንደሚፈልግ እያወቅን በ31ኛው ሰከንድ የሚሞት ፕሮግራም ጽፈናል ማለት ነው። ያ ፕሮግራም ድጋሚ ይሞክራል እንጂ ርክክቡን አንድም ጊዜ አይሻገርም።

ለምሳሌያችን ማብቂያውን አምስት ደቂቃ እናድርገው። ከየት መጣ? ርክክቡ እስከ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ ከተነሳ በኋላ ዳታቤዙ እስኪረጋጋ ጥቂት ይጨመርለት፤ ጠቅላላውን እጥፍ ብናደርገው ወደ አምስት ደቂቃ ይጠጋል። አምስት ደቂቃ አልፎ ካልተመለሰ ነገሩ «ለአፍታ» መባሉ ቀርቷል፤ ሰው ማወቅ አለበት። ሥራው በጠቅላላ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ቅርንጫፎቹ የሚከፈቱት ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሥራውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደ አዲስ የሚያስነሳ ሌላ መርሐ ግብር ቢኖር እንኳን ሰፊ ጊዜ አለ። ይህ ስሌት ለሌሊት ሥራ ብቻ መሆኑን አትርሱ። ገንዘብ ከፋይዋ ፊት ላለው ስክሪን አምስት ደቂቃ ማብቂያ መስጠት ስህተት ነው፤ እዚያ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነውና ሁለት ሦስት ሰከንድ ሞክሮ እውነቱን መናገር ይሻላል።

ቀጥሎ ጣሪያው ይመጣል። እጥፍ እየሆነ የሚሄድ ቁጥር ካልተገደበ ቶሎ ይገዝፋል። ዳታቤዙ በ65ኛው ሰከንድ ተመለሰ እንበል። ጣሪያ የሌለው ፕሮግራም የሚሞክረው በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ15ኛው፣ በ31ኛው፣ በ63ኛው ሰከንድ ነው። በሁለት ሰከንድ አመለጠው፤ ቀጣዩ ሙከራው 127ኛው ላይ ነው። ዳታቤዙ ተነስቶ ባዶውን ቆሞ ሳለ ፕሮግራሙ ለ62 ሰከንድ ተኝቷል። ጣሪያው ሠላሳ ሰከንድ ቢሆን ከ31ኛው በኋላ በ61ኛውና በ91ኛው ይሞክራል፤ ኪሳራው 26 ሰከንድ ይሆናል።

ታዲያ ጣሪያውን ለምን አምስት ሰከንድ አናደርገውም? እዚህ ላይ የቅጂዎቹ ብዛት ይገባል። ጣሪያው ላይ ከደረስን በኋላ በሰከንድ የሚመጣው የሙከራ ብዛት የቅጂዎቹ ቁጥር ለአማካይ ቆይታው ሲካፈል ነው። ቆይታው ከዜሮ እስከ ሠላሳ ሰከንድ በዕጣ የሚወጣ ከሆነ አማካዩ አስራ አምስት ነው፤ አርባ ቅጂዎች በሰከንድ ሦስት እንኳን የማይሞላ ሙከራ ያደርጋሉ። ይህን ማንኛውም ሰርቨር ይችለዋል። ቅጂዎቹ አራት ሺህ ቢሆኑ ግን ያው ጣሪያ በሰከንድ ከ260 በላይ ሙከራ ያመጣል፤ ከእንቅልፉ እየነቃ ላለ ዳታቤዝ ይህ ሸክም ነው። ስለዚህ ጣሪያው ከልማድ የሚወሰድ ቁጥር አይደለም። «ስንት ነን?» ብሎ ጠይቆ ማካፈል ይበቃል።

አሁን ወደ ዕጣው እንምጣ። ፈረንጆቹ ጂተር ይሉታል፤ ከሁሉም በላይ የሚረሳውም እሱ ነው። ዋናው ማሽን ሲወድቅ የአርባዎቹም ግንኙነት በአንድ ቅጽበት ይቆረጣል። ሁሉም ከአንድ ሰዓት ተነስተው በአንድ ቀመር ስለሚቆጥሩ በ1ኛው ሰከንድ አርባዎቹም ያንኳኳሉ፣ በ3ኛውም አርባዎቹ፣ በ7ኛውም አርባዎቹ። እጥፍ ማድረጉ ሰልፉን አራራቀው እንጂ አልበተነውም። ዳታቤዙ በተነሳበት ቅጽበት የሚሆነው መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱንና ፍሪጁን እንደሰካ ስለጠበቀ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይስባል፣ ትራንስፎርመሩም ተመልሶ ይወድቃል። በምሳሌያችን እያንዳንዱ ቅጂ አምስት ግንኙነት የሚከፍት ከሆነ በአንድ ጊዜ 200 ጥያቄ ይመጣል። ፖስትግሬስ ካልተለወጠ በቀር ከመቶ ግንኙነት በላይ አይቀበልም፤ ከግማሽ የሚበልጡት «በዝታችኋል» ተብለው ይመለሳሉ፤ እንደገናም አብረው ቆጥረው አብረው ይመጣሉ።

መድኃኒቱ ቆይታውን በዕጣ ማውጣት ነው። የአማዞኑ መሐንዲስ ማርክ ብሩከር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጽሑፍ የተለያዩ የዕጣ መንገዶችን አወዳድሮ ነበር። ከመካከላቸው ቀላሉ፣ ሙሉ ዕጣ የሚባለው ነው፤ ቀመሩ «ስምንት ሰከንድ ጠብቅ» ሲል ፕሮግራሙ ከዜሮ እስከ ስምንት ካለው መካከል አንዱን በዘፈቀደ ይመርጣል። በፓይተን ሲጻፍ ሁለት መስመር ነው፦

```python
def wait_seconds(n, base=1.0, cap=30.0):
    return random.uniform(0, min(cap, base * 2 ** n))
```

እዚህ `n` የሙከራው ተራ ቁጥር ነው፤ ከዜሮ ይጀምራል። `base` መነሻው፣ `cap` ጣሪያው ነው።

ነገር ግን ዕጣው ድብቅ ዋጋ አለው፤ ብዙ ልምድ ያላቸውም ሲስቱበት አይቻለሁ። አንድ ባለሙያ ያለ ዕጣ ሲያሰላ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አስራ ስድስት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ሠላሳ ይልና 121 ሰከንድ ያገኛል። «ስምንት ድጋሚ ሙከራ ሁለት ደቂቃ ይሸፍናል» ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ ጂተር ጥሩ ነው ሲባል ሰምቶ ከላይ ያለችውን መስመር ይጨምራል። ዕጣው እያንዳንዱን ቆይታ በአማካይ በግማሽ ስለሚቀንሰው ያው ስምንት ሙከራ አሁን የሚሸፍነው ወደ 60 ሰከንድ ብቻ ነው። ጥሩ ነገር ጨምሮ ሥራውን ይበልጥ ተሰባሪ አደረገው።

አንዷን ቅጂ እንከተላት። ዳታቤዙ ለ90 ሰከንድ ጠፍቷል፤ ማሽኑ ለእያንዳንዱ ሙከራ ወዲያው «ተከልክሏል» ይላል። ዕጣዋ በተከታታይ 0.4፣ 1.7፣ 0.9፣ 6.2፣ 11፣ 24፣ 3 እና 19 ሰከንድ ወጣ እንበል። ሲደመር ስምንተኛዋ ድጋሚ ሙከራ የምትደርሰው በ66ኛው ሰከንድ ግድም ነው። ገደቧ ስምንት ሙከራ ከሆነ እዚያው ትሞታለች፤ ዳታቤዙ ሊነሳ 24 ሰከንድ ሲቀረው። ገደቧ አምስት ደቂቃ ከሆነ ግን ዘጠነኛውን ዕጣ ታወጣለች፤ 27 ቢደርሳት በ93ኛው ሰከንድ ገብታ ሥራዋን ትቀጥላለች። ሌሎቹ ሠላሳ ዘጠኝ ቅጂዎች በራሳቸው ዕጣ ከ90ኛው እስከ 120ኛው ሰከንድ ድረስ አንድ በአንድ ይገባሉ። ገደቡን በጊዜ እንጂ በብዛት አታድርጉ የምለው ለዚህ ነው፤ ዕጣ ባለበት ቦታ የሙከራ ብዛት ጊዜን አይነግራችሁም።

መነሻውን እስካሁን አቆየሁት፤ ምክንያቱም ከአራቱ ቀላሉ እሱ ነው። ማይክሮሶፍት በአዙር ላይ ለሚያከራየው የኤስኪውኤል ዳታቤዝ ከመጀመሪያው ድጋሚ ሙከራ በፊት አምስት ሰከንድ መጠበቅን፣ ከዚያ እስከ ስልሳ ሰከንድ ጣሪያ ድረስ ማሳደግን ይመክራል፤ ከአምስት በታች መጠበቅ አገልግሎቱን ሊያጨናንቅ ይችላል ይላል። ብዙ ሺህ ደንበኛ ለሚጋራው ቤት ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ለአርባ ቅጂዎችና ለራሳችን ዳታቤዝ አንድ ሰከንድ ይበቃል። ሁለት ጸሐፊዎች እርስ በርስ ተቆላልፈው ዳታቤዙ አንዱን ሲያስወጣው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ዳታቤዙ አልጠፋም፤ ከመቶ ሚሊሰከንድ ያነሰ ቆይታ ይበቃል። አንድ ቀመር ለሁለቱም ካገለገለ አንዱ ይጎዳል።

ከቆይታው ጎን ደግሞ የሙከራው ራሱ ርዝመት አለ። ከላይ ማሽኑ ወዲያው «ተከልክሏል» ይላል አልኩ። ማሽኑ ራሱ ከሞተ ወይም ገመዱ ከተነቀለ ግን መልስ የሚሰጥ የለም። የሊኑክስ ሲስተም ያልተለወጠ ከሆነ የግንኙነት ጥያቄውን ደጋግሞ እየላከ ከሁለት ደቂቃ በላይ በዝምታ ይጠብቃል። እኛ በአንድና በሁለት ሰከንድ ስንጠበብ አንዲት ሙከራ ብቻዋን ሁለት ደቂቃ ትበላለች፤ ርክክቡ አልቆ ተጠባባቂው ሥራ ጀምሮ ሳለ ፕሮግራሙ የሞተውን ማሽን ደጅ ይጠናል። ስለዚህ የግንኙነቱን ጊዜ መገደብ ግድ ነው፤ በፖስትግሬስ `connect_timeout=5` ተብሎ ይጻፋል። በየሙከራው የሰርቨሩን አድራሻ እንደ አዲስ መጠየቅም ያስፈልጋል፤ ከርክክቡ በኋላ ያው ስም የሚያመለክተው ሌላ ማሽን ስለሆነ፣ አሮጌውን አድራሻ በቃሉ የያዘ ፕሮግራም ምንም ያህል ቢታገሥ አይደርስም።

ሁሉም ስህተት መጠበቅ አያስፈልገውም። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ስህተት አምስት ፊደል ያለው ኮድ ይሰጣል። `57P03` ማለት «ገና እየተነሳሁ ነው» ማለት ነው፤ `53300` ግንኙነት ሞልቷል ማለት ነው፤ ሁለቱም በጊዜ ይፈታሉ። `28P01` ግን የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው ይላል፤ `42P01` የጠየቅኸው ሠንጠረዥ የለም ይላል። ለእነዚህ አምስት ደቂቃ መታገሥ የሚመለከተው ሰው አምስት ደቂቃ ዘግይቶ እንዲያውቅ ብቻ ያደርጋል። የይለፍ ቃል በተቀየረ ማግስት «ዳታቤዙ ይቆራረጣል» የሚል አቤቱታ ከመጣ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ኮድ ነው።

የሚያስፈራው ስህተት ሌላ ነው። ፕሮግራሙ የአንድን አባል ወለድ ጽፎ `COMMIT` ብሎ ላከ፤ መልሱ ሳይመጣ ግንኙነቱ ተቆረጠ። ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም? ከፕሮግራሙ በኩል ማወቅ አይቻልም። ደግሞ ቢጽፍ አባሉ ሁለት ጊዜ ወለድ ያገኛል፤ ባይጽፍ ምናልባት ምንም አያገኝም። ምንም ያህል የተዋበ የቆይታ ቀመር ይህን አይፈታውም። የሚፈታው መዝገቡ ራሱ ለአንድ አባል በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ወለድ እንዳይቀበል አድርጎ መሥራት ነው። በአባሉ መለያና በቀኑ ላይ የማይደገም ቁልፍ ይደረግና፦

```sql
INSERT INTO interest (member_id, day, amount)
VALUES (4417, '2025-03-08', 12.60)
ON CONFLICT (member_id, day) DO NOTHING;
```

የመጀመሪያው ጽሑፍ ገብቶ ከነበረ ሁለተኛው በዝምታ ያልፋል፤ ካልነበረ ይገባል። የአባሉ ጠቅላላ ሂሳብም ከእነዚህ መስመሮች ከተደመረ መድገም አያስፈራም። ይህ ሳይደረግ ድጋሚ ሙከራ መጨመር፣ በእኔ ፍርድ፣ ሥራው ወድቆ ከማደሩ ይብሳል፤ የወደቀ ሥራ ጠዋት ይታያል፣ የተደገመ ወለድ ግን ኦዲተር እስኪመጣ ላይታይ ይችላል።

አንድ የቀረ ወጥመድ አለ፤ ድጋሚ ሙከራው በስንት ቦታ ነው ያለው? ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ላይብረሪ አራት ጊዜ ቢሞክር፣ የእኛ ፕሮግራም በላዩ አራት ጊዜ ቢሞክር፣ ሥራውን የሚያስነሳው መርሐ ግብርም አራት ጊዜ ቢያስነሳው፣ አንዲት ጥያቄ 64 ጊዜ ዳታቤዙን ታንኳኳለች። የጉግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት የአሠራር መጽሐፍ ይህንኑ ማባዛት አስጠንቅቀዋል። ምክሩ በአንድ እርከን ብቻ ይደገም፣ የቀሩት ስህተቱን ወደ ላይ ያሳልፉት የሚል ነው። በምሳሌያችን ቦታው ሥራው የሚጀመርበት የፕሮግራሙ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ትራንዛክሽኑን ከመጀመሪያው መድገም የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ግንኙነቱ ከተቆረጠ ግማሹ የተሠራ ትራንዛክሽን አብሮ ስለጠፋ ካቆመበት መስመር መቀጠል የለም።

የድጋሚ ሙከራ ጎርፍ ትልልቆቹንም ይጥላል። እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 2015 በአሜሪካ ምሥራቅ የሚገኘው የአማዞን ዳይናሞዲቢ ዳታቤዝ ለሰዓታት ታውኮ ነበር። መነሻው አጭር የኔትወርክ መቋረጥ ነበር። መረጃ የሚያስቀምጡት ሰርቨሮች የየትኛው ክፍል ባለቤት እንደሆኑ የሚነግራቸውን የውስጥ አገልግሎት ሲጠይቁ፣ መልሱ ከተሰጠው የጊዜ ገደብ በላይ ወሰደ፤ ገደቡ ሲያልፍ እንደገና ጠየቁ። የውስጥ አገልግሎቱ በጥያቄው ብዛት ከመጨነቁ የተነሳ መሐንዲሶቹ አቅም ሊጨምሩለት እንኳን አልቻሉም፤ ጥያቄዎቹን ለጊዜው ማገድ ነበረባቸው። ኔትወርኩ ተመልሶ ሳለ ጎርፉ ራሱን በራሱ አቆየ።

በራሳችሁ ሥራ ይህ እየሆነ መሆኑን ለማወቅ በየሰከንዱ ወደ ዳታቤዙ የሚመጣውን የአዲስ ግንኙነት ሙከራ በግራፍ እዩት። ጥርስ ጥርስ ያለው፣ በ1፣ በ3፣ በ7፣ በ15 ሰከንድ የሚሾል መስመር ካያችሁ ዕጣው የለም ማለት ነው። ዳታቤዙ ከተመለሰ በኋላ ሙከራው እየቀነሰ ካልሄደ በብዙ እርከን እየተደገመ ነው። ሎጉ ላይ ደግሞ በየሙከራው አንድ መስመር ብቻ ይበቃል፤ ተራ ቁጥሩ፣ የስህተት ኮዱ፣ ቀጥሎ የሚጠበቀው ሰከንድና ከመጀመሪያው ውድቀት ጀምሮ ያለፈው ጊዜ። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ከሌለ ማብቂያው ትክክል መመረጡን ከሳምንት በኋላ ማጣራት አይቻልም።

ቆጣሪው መቼ ወደ ዜሮ ይመለስ የሚለውም ቀላል አይደለም። ግንኙነቱ በተከፈተ ቅጽበት ዜሮ ካደረግነው፣ በየሦስት ሰከንዱ ተነስቶ የሚወድቅ ዳታቤዝ ላይ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ከአንድ ሰከንድ እየጀመረ ያስቸግረዋል። አንድ ትራንዛክሽን እስከ መጨረሻው ከተሳካ በኋላ ብቻ ዜሮ ማድረግ ይሻላል።

ቁጥሮቹ ከተመረጡ በኋላ የሚቀረው መሞከር ነው። በሙከራ ሰርቨር ላይ ሥራውን አስነሱና መሃል ላይ ዳታቤዙን ለ90 ሰከንድ አቁሙት፤ አርባዎቹም ቅጂዎች ያለ ሰው እርዳታ መመለሳቸውን፣ የወለዱ መስመሮችም ከአባላቱ ቁጥር ጋር እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ። ቀጥሎ ለአስር ደቂቃ አቁሙትና ሥራው በአምስተኛው ደቂቃ በግልጽ ወድቆ ለተረኛው ባለሙያ መልእክት መላኩን እዩ። ሦስተኛ፣ ኔትወርኩን ዝም አሰኙት፤ ማሽኑ «ተከልክሏል» እንኳን እንዳይል አድርጋችሁ ማለቴ ነው። ብዙ ሥራዎች ሁለቱን አልፈው በሦስተኛው ይወድቃሉ፤ እባካችሁ እሱን ሳትሞክሩ ሥራውን ለሌሊት ፈረቃ አታስረክቡ።